ውዱ የሞተር ዘይት ዋጋውን የሚመልሰው መቼ ነው?

ማደያ ጎራ ብላችሁ የሞተር ዘይት ስትጠይቁ ሻጩ መልሶ ይጠይቃችኋል፦ «የቱን ልስጥዎት?» መደርደሪያው ላይ ባለ አራት ሊትር ጣሳዎች ተደርድረዋል። አንዱ ሚኒራል ነው፣ ሌላው ሰሚ ሲንተቲክ፣ ሦስተኛው ፉል ሲንተቲክ። ለምሳሌ ቶታልኢነርጂስ ኳርትዝ የሚባለውን ዘይቱን 5000፣ 7000 እና 9000 እያለ የሚለየው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የመጨረሻው ከመጀመሪያው እጥፍና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። ሻጩ «ውድ ቢሆንም አሥር ሺህ ይነዳልዎታል» ይላል። መካኒኩ ደግሞ «ምንም ይሁን ምን አምስት ሺህ ሲሞላ አምጣው» ይላል። ባለመኪናው ሁለቱንም መስማት ስለሚፈልግ ውዱን ይገዛና በአምስት ሺህ ያስቀይረዋል። ከሁሉም ምርጫ የከፋው ይኸኛው ነው፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለን እናሰላዋለን።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ማሰብ ይገባዋል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዳቸውን አስታውቋል። ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚመላለሱት ኮሮላዎችና ቪትዞች ሞተራቸው ሲደክም ባለቤቶቻቸው እንደ ድሮው ሌላ የቤንዚን መኪና አስመጥተው አይተኳቸውም። ያለውን ሞተር ማቆየት ግድ ሆኗል፣ ለሞተር ደግሞ ከዘይት የቀረበ ነገር የለም።

ጣሳው ውስጥ ያለው ሁሉ ዘይት አይደለም። ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ መሠረታዊ ዘይት ሲሆን ቀሪው የተጨመሩ ኬሚካሎች ናቸው። አንዱ ቆሻሻ ያጥባል፣ አንዱ የታጠበውን ጥላሸት በትኖ ይይዛል፣ አንዱ ከቃጠሎ የሚመጣውን አሲድ ያመክናል፣ ሌላው ብረት ከብረት በሚነካካበት ቦታ ስስ መከላከያ ያነጥፋል። ሚኒራል ወይም ሲንተቲክ የሚለው ስም የሚነግረን ስለ መሠረታዊው ዘይት ብቻ ነው። አንድ ሲንተቲክ ዘይት ኬሚካሉ ደካማ ከሆነ ከጥሩ ሚኒራል ሊያንስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚኒራሉ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ነው። ማጣሪያው የቱንም ያህል ቢሠራ በውስጡ ትንሽም ትልቅም፣ ጠንካራም ደካማም ሞለኪውል ተደባልቆ ይቀራል። ሞተሩ ሲግል ትንንሾቹ ይተናሉ፤ ደካሞቹ ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው ወደ አሲድና ወደ ጭቃ መሰል ዝቃጭ ይለወጣሉ። ሲንተቲክ ዘይት ግን ሞለኪውሎቹ ተቀራራቢ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ ሙቀት ቶሎ አይበትናቸውም።

እዚህ ላይ ሻጩ የማይነግራችሁ አንድ ታሪክ አለ። ዱሮ ሲንተቲክ ሲባል በፋብሪካ ከጋዝ ተነሥቶ ሞለኪውል በሞለኪውል የተገነባ ዘይት ማለት ነበር። ከዚያ ድፍድፉን በከፍተኛ ግፊትና በሃይድሮጂን እየለወጡ ከሲንተቲክ የማይተናነስ ዘይት ማውጣት ተቻለ። ካስትሮል ይህን ተጠቅሞ «ሲንተቲክ» እያለ መሸጥ ሲጀምር ሞቢል «መነሻው ያው ድፍድፍ ነው» ብሎ በአሜሪካ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ዘንድ አቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሰጠው ውሳኔ ለካስትሮል ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ፉል ሲንተቲክ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ዘይት ይኸኛው ዓይነት ነው። መጥፎ ዘይት ነው ለማለት አይደለም፣ በጣም ጥሩ ዘይት ነው። ቃሉ ግን የማምረቻ መንገድን ሳይሆን የገበያ ደረጃን የሚገልጽ ሆኗል።

ሰሚ ሲንተቲክማ ከዚህም የላላ ስም ነው። የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ሲንተቲኩ ስንት እጅ መሆን እንዳለበት የሚያስገድድ አንድ ወጥ ሕግ የለም። አንዱ አምራች ሠላሳ በመቶ፣ ሌላው አሥር በመቶ ጨምሮ ያንኑ ስም ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ ትልቅ ጽሑፍ ይልቅ ጣሳውን አዙራችሁ የኤፒአይን ደረጃ ብታዩ ይሻላል። ለቤንዚን ሞተር «ኤስ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ወደ ኋላ እየራቀ በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስኤን እ.ኤ.አ. ከ2010፣ ኤስፒ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ያለ ደረጃ ነው። ጣሳው ላይ ኤስኤፍ ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ግን መልሱት። ያ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ ሞተሮች አይመጥንም፣ ሚኒራልም ይሁን ሌላ።

ሌላው የሚምታታው ውፍረት ነው። ብዙ ሰው ሲንተቲክ ማለት ቀጭን፣ ሚኒራል ማለት ወፍራም ይመስለዋል። ውፍረቱን የሚናገሩት ቁጥሮቹ ናቸው፦ 5ደብሊው-30፣ 20ደብሊው-50 የሚሉት። ከደብሊው በፊት ያለው በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ ኋላ ያለው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል እንደሚወፍር ይነግራል። ሲንተቲክም ወፍራም አለው፣ ሚኒራልም በአንጻሩ ቀጭን አለው። መካኒኮቻችን «ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» ሲሉ ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ፋሻው ላልቶ ዘይት የሚበላ ሞተር በወፍራም ዘይት ፍጆታው ይቀንሳል። ነገር ግን የቫልቮቹን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ዘመናዊ ቶዮታ ላይ፣ መመሪያው 0ደብሊው-20 ወይም 5ደብሊው-30 እያለ፣ 20ደብሊው-50 መጨመር በቀጭኑ መተላለፊያ ዘይቱ እንዲዘገይ ማድረግ ነው።

የብርዱን ክርክር እኛ ቀለል አድርገን ልናየው እንችላለን። 5ደብሊው ዘይት ሞተር ማስነሣት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው፣ 20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ። ሚኒሶታ ወይም ካናዳ ላለ ወንድማችሁ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እንኳ ከዜሮ በላይ ለሚቆየው አዲስ አበባ ግን ያን ያህል አይደለም። ጠዋት ቀጭኑ ዘይት ቶሎ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች መድረሱ ጥቅም ነው፣ ብቻውን ግን እጥፍ ዋጋ አያስከፍልም።

የሲንተቲክ እውነተኛ ብልጫ ያለው በሙቀት ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ዘይትን 250 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት አቆይቶ ምን ያህሉ እንደተነነ የሚመዝን የታወቀ ፈተና አለ። ጥሩ ሲንተቲክ እዚያ ላይ የሚያጣው ከመቶ አሥር እጅ አይሞላም፤ ተራ ሚኒራል ከዚያ ብዙ ያጣል። የተነነው ቀለል ያለው ክፍል ስለሆነ ቀሪው ይወፍራል፣ ከመለኪያው ላይም ዘይቱ ይጎድላል። ተርቦ ባለው ሞተር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ እዚያ የቀረው ዘይት እንደ ከሰል ደርቆ መተላለፊያውን ይዘጋል። ተርቦ ላለው መኪና ሲንተቲክ ይሁን አይሁን ብዬ አልከራከርም፤ መመሪያው የሚለውን ሲንተቲክ ግዙ፣ አበቃ።

የአሜሪካው የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2017 አምስት ሲንተቲክና አምስት ተራ ዘይቶችን በስምንት ፈተናዎች አወዳድሮ ሲንተቲኩ በአማካይ 47 በመቶ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። በዚያው ጊዜ የተራው ዘይት ቅየራ በአማካይ 38 ዶላር፣ የሲንተቲኩ 70 ዶላር ነበር። ሻጮች የመጀመሪያውን ቁጥር ይወዱታል። ፈተናዎቹ ግን ሙቀትን፣ ትነትን፣ መወፈርንና ዝቃጭን የመሳሰሉትን የሚለኩ ናቸው። የመገናኛን አቧራ የሚለካ ፈተና በውስጡ አልነበረም።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ነው። ዘይት በሁለት መንገድ ይሞታል። አንደኛው ራሱ ማርጀቱ ነው፤ ይህን ሲንተቲክ ያዘገየዋል። ሁለተኛው ከውጭ በሚገባ ነገር መበከሉ ነው፦ አቧራ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ ከቃጠሎ የመጣ ውኃና ጥላሸት። በአየር ማጣሪያው ሾልኮ የገባ የአሸዋ ብናኝ ሲንተቲክ ውስጥም ሆነ ሚኒራል ውስጥ ያው ብረት ይሞርዳል። ውኃና ቤንዚኑም ጣሳው ስንት ብር እንደወጣበት አያዩም። ስለዚህ በአቧራማ መንገድና በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ በሚውል መኪና ላይ ሲንተቲክ የሚሰጠው የኪሎ ሜትር ብልጫ ጣሳው ከሚለው ያንሳል።

መጨናነቁ ደግሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማያየው ነገር ነው። ፎርድ ለፖሊስ መኪኖቹ ባወጣው መመሪያ አንድ ሰዓት ቆሞ የሠራ ሞተር ሠላሳ ሦስት ማይል፣ ማለትም ሃምሳ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተነዳ ይቆጠራል። ቁጥሩ የወጣው ለትልቅ ሞተር ቢሆንም አቅጣጫው ለእኛም ይሠራል። በቀን ሁለት ሰዓት መብራትና ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሜትር ታክሲ በወር ሃያ ስድስት ቀን ቢወጣ በዚህ ስሌት 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል «ሳይንቀሳቀስ ይነዳል»። ቆጣሪው 3,000 ካሳየ ሞተሩ የሠራው ወደ 5,700 ነው ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። መኪናችን ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር የምትወስድ ባለ 1.5 ሞተር ኮሮላ ትሁን፤ አንድ ባለ አራት ሊትር ጣሳ ይበቃታል። በዓመት 36,000 ኪሎ ሜትር ትሠራለች። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር አላሰላም፤ የሚኒራሉን ጣሳ 100 እንበለው፣ ሰሚውን 150፣ ፉሉን 250። ፊልትሮና የእጅ ዋጋ በእያንዳንዱ ቅየራ 40 እንጨምር። እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ ተክታችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ጣሳው እንደሚለው ሚኒራሉን በ5,000፣ ሰሚውን በ7,500፣ ፉሉን በ10,000 ብንቀይር የዓመቱ ወጪ በቅደም ተከተል 1,008፣ 912 እና 1,044 ይሆናል። ተቀራራቢ ናቸው! በአቧራውና በመቆሙ ምክንያት ከሁሉም ላይ አንድ አምስተኛ ቀንሰን በ4,000፣ በ6,000 እና በ8,000 ብንቀይር 1,260፣ 1,140 እና 1,305 ይመጣል። ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም፤ ሰሚው በትንሹም ቢሆን ይረክሳል። ሚኒራል ርካሽ ነው የሚለው እምነት ለብዙ ሠሪ መኪና እንደማይሠራ ከዚህ ይታያል፤ የጣሳው ርካሽነት በተደጋጋሚ ፊልትሮና የእጅ ዋጋ ይበላል።

መጀመሪያ ወዳነሣነው ሰው እንመለስ። ፉል ሲንተቲክ ገዝቶ በ5,000 የሚያስቀይረው በዓመት 2,088 ያወጣል። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? በትርፉ ገንዘብ ለሞተሩ የገዛው ተጨማሪ ጤና በጣም ትንሽ ነው፤ ዘይቱ ገና በጉልበቱ ሳለ አፍስሶታልና። በተቃራኒው ሚኒራሉን እስከ 10,000 የሚያዘገየው ሰው 504 ብቻ ያወጣል። የሚቆጥበው በዓመት ወደ 500 ነው፣ አምስት የሚኒራል ጣሳ መሆኑ ነው። ሞተር ወርዶ ፋሻና ብሮንዝ የተቀየረለት ሰው ይህ ቁጠባ የስንት ዓመት ዕዳ እንደሚሸፍን ይንገራችሁ።

ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዱ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመለሱ መኪኖች ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። በወር 600 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በዓመት 7,200 ነው። ባለቤቱ «ሲንተቲክ ነው፣ አሥር ሺህ አልሞላም» ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ በደንብ ሳይግል በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ውኃውና ቤንዚኑ አይተንም፤ ዘይቱ ውስጥ ይከማቻል። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍታችሁ ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካያችሁ ይኸው ነው። ብዙ ካለና የራዲያተሩም ውኃ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ለመካኒክ አሳዩ። እንዲህ ላለ መኪና በየስድስት ወሩ መቀየር ይሻላል፣ በስድስት ወር ለሚፈስ ዘይት ደግሞ ውዱን መግዛት ትርጉም የለውም። በእኛ ሚዛን ሚኒራሉ በዓመት 280፣ ፉሉ 580 ነው።

ዘይቱ ጠቆረ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ጥላሸትን በትኖ መያዝ ሥራው ስለሆነ ጥሩ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፤ ዲዝል ላይማ በመጀመሪያው ቀን ነው። ከቀለሙ ይልቅ አንዲት ጠብታ ብትፈትሹ የተሻለ ይነግራችኋል። ሞተሩን አሙቃችሁ ካጠፋችሁ በኋላ ከመለኪያው ዘንግ ጫፍ አንድ ጠብታ በነጭ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣሉና አንድ ሌሊት ተዉት። ጥቁሩ እየሳሳ ወደ ዳር ከተሰራጨ በታኙ ኬሚካል ገና በሕይወት አለ። መሐሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ነጥብ በሹል ጠርዝ ተከቦ ከቀረ ደክሟል። ፈተናው ስለ አሲዱም ሆነ ስለ ብረት ብናኝ አይናገርም፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ተጠቀሙበት።

ረጅም ጊዜ የሚቆይ ዘይት የሚደብቀው አንድ አደጋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ባለ 1.8 የኮሮላ ሞተሮች ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው፤ የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንሽ ስለሆኑ ይደፈናሉ። እንዲህ ያለ ሞተር በ2,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ቢበላ፣ ከ3.7 ሊትሩ 8,000 ሳይደርስ የሚቀረው ነገር የለም። የቱን ዘይት ብትጨምሩ መለኪያውን በየሳምንቱ ሳታወጡ ረጅሙን ርቀት መሞከር ሞተሩን ማድረቅ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መኪና ውድ ዘይት መጨመር ደግሞ ብር በጭስ ማውጫ መላክ ነው። ሲጎድል ያላችሁን ሚኒራል በሲንተቲክ ላይ ብትጨምሩ አይጣሉም፣ ይዋሃዳሉ፤ ጎድሎ ከመሄድ ይሻላል።

«ሲንተቲክ አሮጌ ሞተር ያፈሳል» የሚለው ወሬም መነሻ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሲንተቲኮች ጎማዎቹን ያሸማቅቁ ነበር፤ የዛሬዎቹ ይህን የሚከላከል ነገር ተጨምሮባቸዋል። ዛሬ ከቅየራ በኋላ መፍሰስ የሚጀምር ካለ ብዙ ጊዜ ፓራሊዮው ቀድሞ ያለቀ ነው። ዝቃጩ ደፍኖት ቆይቶ አዲሱ ዘይት አጠበው እንጂ አዲስ ቀዳዳ አልከፈተበትም።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው። ተርቦ ላለው መኪናና መመሪያው ሲንተቲክ ብቻ ብሎ ለጻፈለት ዘመናዊ ሞተር ፉል ሲንተቲክ፣ ከ8,000 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ። ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ተራ የቤንዚን ኮሮላ ሰሚ ሲንተቲክ በ6,000። ጥቂት ለምትነዳ የቤት መኪናና ዘይት ለሚበላ አሮጌ ሞተር ደረጃው አዲስ የሆነ ሚኒራል፣ በየስድስት ወሩ ወይም በ4,000። የአየር ማጣሪያው ካልተራገፈና በጊዜው ካልተቀየረ ግን ይህ ሁሉ ምርጫ ከንቱ ነው።

ስታስቀይሩ ጣሳው በዓይናችሁ ፊት ይከፈት፣ ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑን እዩ፣ ባዶውን ጣሳ ደግሞ ቀዳችሁ ጣሉት፤ ሙሉ ጣሳ ተመስሎ ተመልሶ እንዳይሸጥ። አሮጌው ዘይት በቱቦም በመሬትም አይፈሰስ፣ ጋራዡ በበርሜል ያጠራቅመው። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኮፈኑ ሥር ለጥፉ።